የአሥራ አንድ ደቂቃው ሊቅ

ሊቅ ብዙ ነው። መጽሐፍ ሲያገላብጥ ዕድሜው የሚያልቅ ሊቅ አለ፤ አንዱን ነገር አሥር ጊዜ ካልጠየቀ እንቅልፍ የማይወስደው ሊቅም አለ። የእኛ የኦዲት ጥራት ገምጋሚ ግን ከነዚህ ሁሉ ይለያሉ። አንድ ቡድን ለወራት ሲለፋበት የከረመውን ፋይል ከምሽቱ 4:52 ላይ ከፈቱት፣ 5:03 ላይ «ታይቷል፤ ተስማምቻለሁ» ብለው ፈረሙበት። አሥራ አንድ ደቂቃ! የገምጋሚው ቼክሊስት 38 ጥያቄ አለው፤ ሲካፈል ለአንዱ ጥያቄ ከ17 ሰከንድ እምብዛም አይበልጥም። ከዓይን ያውጣቸው።

እኔ እንግዲህ በዚያው የኦዲት ድርጅት ያለቁ ፋይሎችን የምፈትሽ የውስጥ ፍተሻ ቡድን አባል ነኝ። ሥራዬ ምቀኝነት ነው ማለት ይቻላል፤ ሌላው በአሥራ አንድ ደቂቃ የጨረሰውን እኔ ሦስት ቀን ቁጭ ብዬ አየዋለሁ።

ነገሩ ለማይቀርበው ሰው ትንሽ ላስረዳ። ኦዲተሩ በኩባንያው ሒሳብ ላይ አስተያየቱን ፈርሞ ከመስጠቱ በፊት፣ በሥራው እጁን ያላስገባ አንድ ልምድ ያለው ባለሙያ ቡድኑ የወሰናቸውን ከባድ ውሳኔዎች እንዲመረምር ይደረጋል። አክሲዮናቸው በገበያ ለሚሸጥ ኩባንያዎች ይህ ግዴታ ነው፤ ለሌሎችም ሕግ ሲያዝ ወይም ድርጅቱ ራሱ ሥራው ያሰጋል ብሎ ሲወስን ይደረጋል። ደንቡ አይኤስኪውኤም 2 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ወጥቶ አሁን የምንሠራው በእሱ ነው።

የደንቡ አርቃቂዎች ግን ምን ያህል የዋሆች እንደሆኑ ተመልከቱ። ገምጋሚው በዕቅድ ጊዜ፣ ሥራው ሲሠራ፣ ሪፖርቱም ሊወጣ ሲል እንዲገባበት ይፈልጋሉ። በቂ ጊዜ እንዲኖረውም ይጠይቃሉ። ከዚያ ደግሞ ገምጋሚው ጨርሻለሁ ብሎ ሳያሳውቅ የሥራው ኃላፊ ፓርትነር በሪፖርቱ ላይ ቀን እንዳይጽፍ ይከለክላሉ። የእኛ ሊቅ ከሦስቱ የመጨረሻውን ብቻ መረጡ። ሪፖርቱ የዚያኑ ዕለት ቀን ተጽፎበታል፤ እሳቸውም የፈረሙት እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። «ቀደም ብሎ» ማለት በ57 ደቂቃም ቀደም ብሎ ነው። ማን ሊከራከራቸው?

በዚያች ምሽት የተባለውን ከፓርትነሩ ከራሱ አፍ ሰምቼዋለሁ። ጉድዊል የሚሉት ኩባንያ ሌላ ድርጅት ሲገዛ ከድርጅቱ የተጣራ ንብረት ዋጋ በላይ የከፈለውን ነው።

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ቦርዱ ይሰበሰባል፤ ሪፖርቱ ዛሬ ማለቅ አለበት።»

«ጉድዊሉን አንተ ራስህ አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ።»

«አንተ ካየኸውማ እኔ ምን ልጨምርበት!»

ይህን የመሰለ መተማመን በትዳር እንኳ አይገኝም። ገምጋሚ የሚሾመው ፓርትነሩ ያየውን እንደገና እንዲጠይቅ ነበር፤ እሳቸው ግን ፓርትነሩን ማየት በቂ ሆኖ አገኙት።

በርግጥ ገምጋሚ ፋይሉን በሙሉ ማንበብ የለበትም። ይህን ሰው ብዙ ጊዜ ይሳሳተዋል። ከባድ ውሳኔዎች ያረፉባቸውን የሥራ ወረቀቶች መርጦ ማየት ነው የሚጠበቅበት፤ ስለዚህ በፍተሻ ጊዜ «ሁሉን ለምን አልከፈቱም?» ብለን አንጠይቅም። የምንጠይቀው «የትኞቹን ከፈቱ?» ብለን ነው። ሶፍትዌራችን ማን የትኛውን ወረቀት መቼ እንደከፈተ ይመዘግባል። ሊቃችን የፋይሉን ሽፋን ከፍተዋል፤ ቼክሊስቱን ከፍተዋል፤ የሪፖርቱን ረቂቅ ከፍተዋል። የጉድዊሉን ወረቀትም ከፍተዋል፤ ለ6 ሰከንድ። ሳይሳሳቱ የከፈቱት አይመስለኝም።

ያ ወረቀት ምን ይዞ ነበር? ኩባንያው ከዓመታት በፊት ሌላ ድርጅት ገዝቷል፤ የገዛው ክፍል በመዝገብ 500 ሚሊዮን ተይዟል። የሒሳብ ደንቡ እንደሚለው ይህ ክፍል ወደፊት የሚያስገኘው ገንዘብ በዛሬ ዋጋ ተሰልቶ ከ500 ሚሊዮን ካነሰ፣ ቢሸጥም ከዚያ የተሻለ ካላወጣ፣ ልዩነቱ ኪሳራ ተብሎ መመዝገብ አለበት። የኩባንያው ሥራ አመራር ያቀረበው ስሌት አጭር ነው። በሚቀጥለው ዓመት 50 ሚሊዮን ይገኛል፤ ከዚያ በየዓመቱ 5 በመቶ እያደገ ለዘለዓለም ይቀጥላል፤ የወደፊቱ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚወርድበት የቅናሽ መጣኝ 14 በመቶ ነው። ከ14ቱ ዕድገቱ 5 ሲቀነስ 9 ይቀራል፤ 50 ሚሊዮን ለ9 በመቶ ሲካፈል 555.6 ሚሊዮን ይመጣል። ከ500 ይበልጣል፤ ስለዚህ ኪሳራ የለም፤ ስለዚህ ደስታ ነው።

ቡድኑም ይህን ስሌት በትጋት ደግሞ ሠርቶታል። ማካፈሉ ልክ መሆኑን አረጋግጦ አረንጓዴ ምልክት አድርጎበታል። 50 ለ0.09 ሲካፈል በእርግጥም 555.6 ነው፤ ይህን ማንም አይክድም። «5 በመቶው ከየት መጣ?» ለሚለው ደግሞ ማስረጃው ሁለት ነው፤ የሥራ አመራሩ ደብዳቤና ያው ሥራ አመራር አዘጋጅቶ ቦርዱ ያጸደቀው በጀት። ሰውዬው ራሱን በራሱ መስክሯል፤ ቡድኑም ምስክሩን ተቀብሏል።

እኔ ምቀኛው ግን በዚያው ፋይል ሌላ ክፍል ውስጥ ገባሁ። ሌላ ወጣት ኦዲተር የኩባንያውን ገቢ ከዓመት ዓመት ሲያወዳድር ያ የተገዛው የኩባንያው ክፍል ባለፉት 5 ዓመታት በአማካይ ያደገው 2 በመቶ መሆኑን ጽፏል። ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ፋይል ውስጥ ተኝተዋል፤ አንዱ 2 ይላል፣ አንዱ 5 ይላል፣ እርስ በርስ አልተዋወቁም። ዕድገቱ 4 በመቶ ቢሆን 50 ለ10 በመቶ ተካፍሎ በትክክል 500 ይመጣል፤ የአንድ መቶኛ ነጥብ ልዩነት ከ500 የበለጠውን ሁሉ ጠርጎ ይወስደዋል። 2 በመቶ ቢሆን 416.7 ሚሊዮን ነው፤ 83.3 ሚሊዮን ኪሳራ አለ ማለት ነው። ለዚህ ኦዲት የተቀመጠው የጉልህነት ጣሪያ፣ ማለትም ስህተት ሲያልፈው ከባድ ተብሎ የሚቆጠርበት ልክ፣ 20 ሚሊዮን ነበር። የጣሪያውን አራት እጥፍ አልፏል።

ይህ ማለት 5 በመቶው ውሸት ነው ማለት አይደለም። ክፍሉ አዲስ ውል አግኝቶ፣ አዲስ ገበያ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ያም ሆኖ ለዘለዓለም የሚዘልቅ የዕድገት መጣኝ ከዘርፉ ወይም ከአገሩ የረጅም ጊዜ አማካይ ሊበልጥ የሚችለው ምክንያቱ ሲረጋገጥ ብቻ ነው፤ ፋይሉም ምክንያቱን አይናገርም። እኛ ፈታሾች ኦዲቱን እንደገና አንሠራም። «ቁጥሩ ስህተት ነው» ብለን ሳይሆን «መደምደሚያውን የሚሸከም ማስረጃ የለም» ብለን ነው የምንጽፈው። ገምጋሚውንም የምንይዘው በዚህ ነው፤ ከ38ቱ ጥያቄዎች አንዱ «ቡድኑ ሙያዊ ጥርጣሬውን ተጠቅሟል?» ይላል፤ እሳቸውም «አዎ» ብለዋል። በ17 ሰከንድ።

እስቲ ደግሞ ሥራ የፈቱ ገምጋሚዎች ምን እንደሚያደርጉ ላሳያችሁ፤ አትሳቁባቸው። በዕቅድ ጊዜ ይመጡና ጉድዊሉ ዋናው አስጊ ነጥብ መሆኑን አይተው «ለዕድገቱ መጣኝ ከኩባንያው ውጭ የተገኘ ማስረጃ አሳዩኝ» ብለው ቀን ጽፈው ይተዋሉ። ቡድኑ ይመልሳል፤ መልሱ ካላረካቸው ደግመው ይጠይቃሉ። መጣኙ በአንድ ነጥብ ቢወርድ ምን እንደሚሆን ያስሰላሉ፤ ከዚያ የሒሳብ መግለጫውን ማብራሪያ ከፍተው ይህ ስስነት ለአንባቢ ተነግሮት እንደሆነ ያያሉ። የዚህ ኩባንያ መግለጫ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም፤ መነገር ግን ነበረበት። ሊቃችን የሪፖርቱን ረቂቅ ማየታቸው ተመዝግቧል፤ ማብራሪያዎቹን አልከፈቷቸውም። ገጹ ብዙ ነው፣ ምሽቱም መሽቷል።

ፍተሻው ሲታወጅ ደግሞ ተአምር ተፈጠረ። ፋይሉ ውስጥ «የገምጋሚው የዕቅድ ጊዜ ውይይት» የሚል ማስታወሻ ብቅ አለ፤ ራሱ ላይ የተጻፈው ቀን ከስምንት ወር በፊት ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ሶፍትዌሩ ወረቀቱ የተፈጠረው ባለፈው ማክሰኞ መሆኑን ይዟል። ፋይል ከሪፖርቱ ቀን በኋላ ተሰብስቦ እንዲዘጋ የሚሰጠው ጊዜ በልማድ 60 ቀን ነው። ከተዘጋ በኋላ የማቆያ ጊዜው እስኪያልፍ ከውስጡ ምንም አይጠፋም፤ የሚጨመር ካለም ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደጨመረው አብሮ መጻፍ አለበት። ይህኛው ማስታወሻ የጻፈውንም ምክንያቱንም አይናገርም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። እውነቱን ለመናገር ማስታወሻው ባይኖር ኖሮ ግኝታችን ቀለል ያለ ይሆን ነበር፤ ያልተሠራ ሥራ ድክመት ነው፣ ወደ ኋላ የተጻፈ ቀን ግን የሥነ ምግባር ጉዳይ ነው።

ስንጠይቃቸው አልደነገጡም። «በቃል ተወያይተንበታል» አሉ። ይህ መልስ በሙያችን ከሁሉም መልሶች የረጅም ዕድሜ ባለቤት ነው። የቃል ማብራሪያ በወረቀት ያለውን ሊያፍታታ ይችላል፤ በወረቀት የሌለውን ግን ሊተካ አይችልም። ከሥራው ጋር ግንኙነት የሌለው ልምድ ያለው ባለሙያ ፋይሉን ብቻ አንብቦ ገምጋሚው ምን እንዳየ፣ መቼ እንዳየ፣ ለምንስ እንደተስማማ መረዳት አለበት። እሳቸው «እኔን ጠይቁኝ» ይላሉ፤ ፋይሉ አብሮ ካልተናገረ እሳቸውን ብንጠይቅ ምን ይረባል?

በመጨረሻ የችግሩ ሥር ይፈለግ ተባለ። ሥሩን ለማግኘት ብዙ መቆፈር አላስፈለገኝም፤ የሰዓት መዝገቡ ነገረኝ። ገምጋሚው በዚያው ወር ዘጠኝ ፋይል ተመድቦላቸዋል፤ ለዚህኛው የተያዘላቸው የሥራ ሰዓት 4 ነበር፤ የራሳቸው ደንበኞች ደግሞ ሦስቱ በዚያው ሳምንት ይፈርማሉ። ይህን ጽፌ አቀረብኩ። የተመደበላቸው ፋይል ቁጥር ይቀነስ፣ የሰዓቱም በጀት ይጨመር አልኩ። አመራሩ በጥሞና ከተወያየ በኋላ የችግሩ ሥር የሥልጠና እጥረት ነው ብሎ ወሰነ። እኔ በዚህ ሥራ ሳለሁ ሥሩ ሥልጠና ያልሆነ ችግር ገና አላየሁም። ሥልጠናው ተሰጠ፤ አሠልጣኙ ሊቃችን ናቸው።

ቼክሊስቱም ተሻሽሏል። 39ኛ ጥያቄ ተጨምሮበታል፤ «ገምጋሚው ለግምገማው በቂ ጊዜ ነበረው?» ይላል። የዘንድሮውን ፋይል ትናንት አየሁት። 39ኙም «አዎ» ተብለዋል፤ ዘንድሮ ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጅቶባቸዋል።