አልተቆጣሁም እኮ!

«የምሠራው ቡና ላኪ ድርጅት ውስጥ ነው። ባለፈው ሳምንት ለንደን ላለው ገዢያችን ውሉን ፈርሞ እንዲልክልን ኢሜይል ጻፍኩለት። ከሰዓት በኋላ አለቃዬ ጠርታኝ ‘ሰውየውን ምን ብለሽው ነው? ተቆጥታኛለች እያለ ነው’ አለችኝ። እኔ ቸኮልኩ እንጂ አልተቆጣሁም። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

እስቲ ኢሜይሉን ላኪልኝ አልኳት። ይኸው፦

```
Dear Sir,
SEND US THE SIGNED CONTRACT TODAY!!!
WE ARE WAITING.
```

ሳነበው ሳቄ መጣ። ድምፅሽ በአማርኛ ተሰማኛ። «ጌታዬ፣ የተፈረመውን ውል ዛሬ ቢልኩልን፤ እየጠበቅን ነው» እያልሽ ነው። ትሕትናው አለ። እንግሊዝኛው ጋ ሳይደርስ ግን መንገድ ላይ ፈሰሰ።

ከፊደሉ እንጀምር። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ዓረፍተ ነገር ቢጀምርም የሰው ስም ቢሆንም ሀ ያው ሀ ነው። በትልቅ ፊደል ብቻ የተጻፈ እንግሊዝኛ የለመድነው ፎርም ላይ ነው። ባንክ ሒሳብ ስትከፍቺ፣ ፓስፖርት ስታወጪ «በትልልቅ ፊደላት ይሙሉ» ትባያለሽ። እናም በእኛ ጭንቅላት ውስጥ ይሄ ጥርት ያለ፣ ወግ ያለው፣ ለቢሮ የሚሆን ጽሑፍ ነው። አንቺም ካፕስ ሎኩን የተጫንሽው ደብዳቤውን ወግ ላሲዝ ብለሽ እንደሆነ እገምታለሁ።

ለንደን ያለው ሰው ጋ ግን ጩኸት ነው። ጩኸትነቱ ደግሞ ከጥንት የመጣ እንዳይመስልሽ። ቴሌታይፕ በሚባለው የጽሑፍ መልእክት መላኪያ ማሽን ዘመን የአሜሪካ ባሕር ኃይል መልእክቱን ሁሉ በትልልቅ ፊደል ይልክ ነበር፤ ግዴታውን ያነሳው በ2013 ነው። የአገሪቱ የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤትም እስከ 2016 ድረስ «ነገ ፀሐያማ ነው» የሚለውን ሳይቀር በትልልቁ ነበር የሚጽፈው። (ዓመቶቹ በፈረንጆች ናቸው።) ማሽኑ ሌላ ስለማያውቅ ማንም ተጮኸብኝ አላለም። ኮምፒውተር ሁለቱንም መጻፍ ሲችል ግን ትልቁ ምርጫ ሆነ። የተመረጠ ነገር ደግሞ «ለምን መረጠችው?» ያስብላል። በ1995 የወጣው RFC 1855 የተባለው የኢንተርኔት ሥነ ምግባር መመሪያ ነገሩን ራሱ እየጮኸ ነው የጻፈው፦

```
UPPER CASE LOOKS AS IF YOU'RE SHOUTING.
```

ቀልድ አይምሰልሽ፤ እንጀራ ሊያሳጣ ይችላል። ኒውዚላንድ ውስጥ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ በ2007 ከሥራ ተባረረች። ከቀረቡባት ክሶች አንዱ በትልልቅ ፊደል፣ በደማቅና በቀይ ቀለም ኢሜይል እየጻፈች የሥራ ባልደረቦቿን ታስቀይማለች የሚል ነበር። ለማስረጃ የቀረበው ኢሜይል ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የክፍያ ጥያቄ ፎርም እንዴት እንደሚሞላ የሚያስረዳ። ስድብ የለበት፣ ዛቻ የለበት። በ2009 ስንብቱ አግባብ አልነበረም ተብሎ 17,000 የኒውዚላንድ ዶላር ተወሰነላት። እሷ ብታሸንፍም ሥራዋ ሄዷል።

ያንቺን ሰውዬ ያስከፋው ግን ፊደሉ ብቻ አይመስለኝም። ዓረፍተ ነገሩን በትንንሽ ፊደል ብትጽፊውም ይቆረቁራል። ምክንያቱ ግሡ ነው፤ ይሄን ደግሞ ብዙዎቻችን ልብ አንለውም።

በአማርኛ አክብሮት ያለው ግሡ ውስጥ ነው። «ላክ» ትያለሽ ለታናሽሽ። «ይላኩ» ትያለሽ ለጋሼ። «ቢልኩልን» ስትይ ደግሞ ልመናም አክብሮትም አንድ ቃል ውስጥ ገባ። «እባክዎ» ባይጨመርበትም ማንም ባለጌ አይልሽም። እንግሊዝኛ ይሄ ሁሉ የለውም። ለንጉሡም ለሊስትሮውም አንድ «ዩ» ነው። እናም «ቢልኩልን» ብለሽ አስበሽ Send us ብለሽ ስትጽፊ፣ አክብሮቱ የተንጠለጠለበት ቅጥያ ተቆርጦ ባዶ ትእዛዝ ይቀራል።

አንዳንዱ ይሄ ይታወቀውና Please ይለጥፍበታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ለቅርብ ባልደረባ ይበቃ ይሆናል። ለደንበኛ ግን ትእዛዙ ክራባት አሰረ እንጂ ትእዛዝነቱን አልተወም። እንግሊዞች አክብሮታቸውን የሚያስቀምጡት ጥያቄ ውስጥ ነው። Could you ብለው የሚጀምሩት እንደምትችይ ጠፍቷቸው አይደለም።

ነገሩ ሲገለበጥም ይሳሳታል። ፈረንጁ I was wondering if you had a chance to look at this ብሎ ሲጽፍልሽ፣ በእኛ ጆሮ «አይተሽው ይሆን እንዴ? ካልሆነም ግድ የለም» ይመስላል። ትዝ ብሎት የጠየቀ ነው እንጂ የቸኮለ አይመስልም። አብዛኛውን ጊዜ ግን ትርጉሙ «የታለ?» ነው። ይሄን ካየሽ የያዝሽውን አስቀምጠሽ መልሺለት።

ቃለ አጋኖዋን እንያት። ያደግነው «ማሳሰቢያ!!!» እያነበብን ነው። የትምህርት ቤት ሰሌዳ ላይ፣ የቀበሌ በር ላይ፣ «መሽናት ክልክል ነው!!!» የተባለበት አጥር ላይ። ሦስት ቃለ አጋኖ ለእኛ «ይሄን ነገር ልብ በል» ማለት ነው፤ የጻፈው ሰውዬ ደም ሥሩ ተገትሮ ነው ብለን አናስብም። በእንግሊዝኛ የሥራ ኢሜይል ግን ቁጥሩ ትርጉም ይለውጣል። Thank you ኋላ አንዲት ብቻ ብትመጣ ፈገግታ ናት፤ እንዲያውም አሜሪካኖቹ ስትቀር «ምን ሆነሽ ነው?» ይላሉ። ጥያቄ ወይም ቀጠሮ ላይ ሦስት ስትደረደር ግን ጠረጴዛ መምታት ትሆናለች። በሩሲያኛ ደግሞ የደብዳቤ ሰላምታ ራሱ በቃለ አጋኖ ነው የሚያልቀው። «የተከበሩ እገሌ!» ብሎ የጀመረ የሞስኮ ሰው ሥርዓቱን ጠበቀ እንጂ አልደነፋም።

እንግዲህ እኔ ብሆን እንዲህ ነበር የምጽፍለት፦

```
Could you please send us the signed contract by 4 pm London time today?
We have to register it tomorrow morning.
```

ልብ በዪ፣ ጥድፊያው አልቀነሰም። ከቃለ አጋኖው ወጥቶ ሰዓቱና ምክንያቱ ውስጥ ገባ እንጂ። «ዛሬ!!!» ሲባል የሰው ሆድ ይብሳል። «ነገ ጠዋት ስለምናስመዘግበው» ሲባል ግን ሰውየው ራሱ ይቸኩላል። ሰዓቱን ስትጽፊ ታዲያ የማን ሰዓት እንደሆነ አትርሺ። አራት ሰዓትና አሥር ሰዓት ስንቱን አጣልቷል።

አንቺ ስላቅ አልጻፍሽም። ከተነሳን ላይቀር ግን የራሴን ጉድ ልናዘዝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሄልሲንኪ ከሚገኝ ባልደረባ ጋር አንድ ሰነድ በጋራ እናዘጋጅ ነበር። የእሱ ክፍል አንዴ ዘገየ፣ ሁለቴ ዘገየ። በሦስተኛው አንጀቴ አረረና «ተረጋግተህ ሥራ፤ እኛ መጠበቁን ወደነዋል» የሚል በእንግሊዝኛ ላክሁለት። ለእኛ ሰው ይሄ ጥፊ ነው። እሱ ግን ስለ ትዕግሥቴ ከልቡ አመስግኖ «እንዲያ ከሆነ በሁለት ሳምንት እልካለሁ» ብሎ መለሰ። እውነትም በሁለት ሳምንት ላከ። ማንን ልውቀስ? ቃል በቃል ያልኩትን ነው የፈጸመው። እንግሊዝኛ ለእሱም ለእኔም ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሽሙጤን የሚሸከም ድምፅም ፊትም አልነበረም።

ጀስቲን ክሩገርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2005 ባሳተሙት ጥናት ይሄንኑ ለክተውታል። ተሳታፊዎቹ የምርም የምፀትም ዓረፍተ ነገሮች ለሌላ ሰው ይልካሉ፤ ተቀባዩ የቱ ምር፣ የቱ ምፀት እንደሆነ ይለያል። ላኪዎቹ «78 በመቶውን ይለይልኛል» ብለው ገመቱ። በኢሜይል የተለየው 56 በመቶው ብቻ ነበር። ሳንቲም እያሽከረከሩ ቢገምቱ እንኳ 50 በመቶ ያገኙ ነበር! በድምፅ የተላከው ግን ከአራት ሦስቱ ገደማ ተለይቷል። በግምቱና በኢሜይሉ ውጤት መካከል ያለው ልዩነት የመጣው ጸሐፊው ሲጽፍ የራሱን ድምፅ ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሚሰማ ነው። አንባቢው ያንን ድምፅ ከየት ያምጣው?

የሚገርመው፣ በአማርኛ ለዚህ ምልክት ነበረን። ትእምርተ ስላቅ ይባላል፤ ተገልብጣ የቆመች ቃለ አጋኖ ናት፦ ¡ ። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስትቀመጥ «ይሄን የምር እንዳትወስደው» ትላለች። «ጎበዝ ነህ¡» ቢባል ያው ታውቂዋለሽ። ዛሬ ስልኩ ላይ የሚፈልጋት ሰው ብዙም አላይም። እስፓኒሽ የሚያነብ ሰው ደግሞ ይህችኑ ምልክት የሚያውቃት በዓረፍተ ነገር መጀመሪያ ላይ ነው፤ ከስላቅ ጋር አያገናኛትም።

ሌላም መሣሪያ አለን። እኩያሽን ድንገት «እርስዎ» ብትዪው፣ ወይም «ጌታው» ብትዪው፣ ነገር እንዳለ ይገባዋል። ይሄም ወደ እንግሊዝኛ አይሻገርም። ጓደኛሽን Sir ብትዪው የምር ያከበርሽው ሊመስለው ይችላል።

ፈገግታ ፊት ይለጠፍበት የሚሉ አሉ። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ስኮት ፋልማን በ1982 :-) የምትለዋን ሐሳብ ያቀረበው ለዚሁ ነበር፤ ቀልዱ ከቁም ነገሩ ይለይ ብሎ። ለወዳጅ ጥሩ ናት። ሽሙጥ ላይ ስትለጠፍ ግን ለእኔ ነገሩን ታባብሳለች፤ ሰድቦ «ስቀልድ ነው» እንደሚል ሰው ታስመስልሻለች። እኔ ከሄልሲንኪው በኋላ በሥራ ኢሜይል ስላቅ ትቻለሁ። አንጀቴ ሲያርር ስልክ እደውላለሁ። ስልክ ላይ ቢያንስ የጉሮሮዬ ድምፅ ይሰማል።

ይሄን ሁሉ ከማሳተሜ በፊት ለጠያቂዬ ልኬላት ነበር። ቀጣዩን ኢሜይል በአዲሱ አጻጻፍ ሞከረችው። በማግስቱ ደወለችልኝ።

«ላከልኝ!» አለች።

«ታዲያ ጥሩ ነዋ።»

«ግን መልሱ Done! ብቻ ነው። ከቃለ አጋኖ ጋር። አሁንም ተቆጥቶ ይሆን እንዴ?»

«ስንት ቃለ አጋኖ ነው ያደረገው?»

«አንድ።»

«ኧረ አልተቆጣም» አልኳት።