ማስተካከያ፦ ከበረኪና አበጣበጥ ሥልጠናው በኋላ ስለላክነው ማጠቃለያ

«ስላይዱ 1 ለ 9 ይላል፤ የላካችሁልን ማጠቃለያ ግን 1 ለ 99። ደም ለፈሰሰበት ወለል የቱን እንያዝ?»

ስላይዱን ያዙ። ስህተቱ የኔ ነው፤ የእጅ መታጠቢያውን መጠን ወለሉ ላይ ለጠፍኩት። 5 በመቶ በረኪና 1 ሊትሩ በ9 ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ ለወለሉ የሚያስፈልገው ይኸው ነው። 1 ለ 99 አሥር እጥፍ የቀጠነ ነው። የዕቃውን ጽሑፍ ግን ሁሌም አንብቡ። 4 በመቶ ካለ፣ 4ን ለ0.5 ስታካፍሉ 8 ይመጣል፤ 1 ስትቀንሱ 7 ሊትር ውሃ።

የተስማማንባቸው አልተቀየሩም። መጀመሪያ ደሙ ይጠረጋል፤ ቆሻሻ የበረኪናውን ጉልበት ይበላዋል። በየጠዋቱ አዲስ ይበጠበጣል፣ ሰዓቱም ጀሪካኑ ላይ ይጻፋል። በማጠቃለያው መሠረት ለወለል የበጠበጣችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ድፉት።