ዜማውን ተወው፣ ኮርዱን ንካ

«ጋሼ፣ አራት ኮርድ አዙሬ በትዝታ ዜማ እየሠራሁ ነው። የኮርዱን ኖታዎች ብቻ ስዘፍን ልምምድ ይመስላል። ከኮርዱ ስወጣ ደግሞ የሳትኩ ይመስላል። የቱ ጋ ነው ችግሩ?» — ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ከሚኖር ወጣት

ችግሩ ምቱ ላይ ነው። ትንሽ ደግሞ ኪቦርድህ ላይ።

ከአዲስ አበባ ዳር ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ግድግዳቸውን በብርድ ልብስ የሸፈኑ የመኝታ ቤት ስቱዲዮዎች በዝተዋል። ጥሩ ነገር ነው፤ ጎረቤት ካልተማረረ። አብዛኛው ሥራ የሚጀምረው ግን ከተዘጋጀ ሉፕ ነው። ዶ ሜጀር፣ ላ ማይነር፣ ፋ ሜጀር፣ ሶል ሜጀር፣ ከዚያ እንደገና ዶ። በዚህ ላይ ትዝታ ይዘፈናል። አንድ ቦታ ላይ ሲጋጭ «ከኮርዱ አትውጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። እኔ በዚህ ምክር አልስማማም። ዜማውን ነው የሚያደርቀው።

እስቲ ምክሩን ተቀብለን እንሞክረው። ለእያንዳንዱ ኮርድ አራት ምት እንስጥ። ዶ ላይ «ዶ ሚ ሶል ሚ» እንበል። ላ ማይነር ላይ «ላ ዶ ሚ ዶ»። ፋ ላይ ስትደርስ ግን ትቸገራለህ። የፋ ኮርድ ፋ፣ ላ፣ ዶ ነው። ትዝታ ሜጀር ደግሞ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። ፋ የለውም። ስለዚህ ላ እና ዶ ብቻ ይቀሩሃል። ሶል ላይም እንዲሁ ነው፤ ሲ በቅኝቱ ውስጥ ስለሌለ ሶል እና ሬ ብቻ ይተርፋሉ። በሁለት ኖታ ወዲያ ወዲህ እያልክ አራት ምት መሙላት ነው እንግዲህ። ሰሚው ዘፋኝ ሳይሆን ጣቱን የሚያፍታታ የክራር ተማሪ የሰማ ይመስለዋል።

አሁን በሌላ መንገድ እንሂድ። በየባሩ፣ ማለትም በየአራት ምቱ፣ የመጀመሪያው ኖታ ሁለት ምት ይቆይ፣ ሌሎቹ ሁለቱ አንድ አንድ ምት ይውሰዱ።

ዶ ላይ፦ ሶል፣ ላ፣ ሶል።
ላ ማይነር ላይ፦ ሚ፣ ሬ፣ ዶ።
ፋ ላይ፦ ሚ፣ ሬ፣ ዶ።
ሶል ላይ፦ ዶ፣ ላ፣ ሶል። እዚህ ላ እና ሶል ከዶ በታች ያሉት ናቸው።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ባር አስተያያቸው። ኖታዎቹ ያው ናቸው። ላ ማይነር ላይ ሚ የኮርዱ ነው፣ ዶም የኮርዱ ነው። ሬ ብቻ ከኮርዱ ውጪ ናት። እሷም ከመጀመሪያው በሚቀልል ምት ላይ ስላለች፣ በሁለቱ መካከል አንድ አንድ እርምጃ እየተራመደች ስለምታገናኝ፣ ማንም እንደ ስህተት አይሰማትም። መሸጋገሪያ ኖታ የምንላት ይህችን ነው።

ኮርዱ ወደ ፋ ሲቀየር ግን ያው ሚ ባሕርይዋ ይለወጣል። ከፋ ሰባተኛ ላይ ትቀመጣለች። የምታርፈውም ጠንካራው የመጀመሪያ ምት ላይ ነው፣ ያውም ሁለት ምት ሙሉ። ጆሮ «ቀጥሎስ?» ይላል። ሬን አልፋ ዶ ላይ ስትወርድ መልሱን ያገኛል፤ ዶ የፋ ኮርድ አምስተኛ ናትና። ቴንሽን የሚባለው ይኸው ነው። ዘፋኙ ምንም አልቀየረም፤ ከሥሩ ያለው ኮርድ ነው የተንቀሳቀሰው። ለእኔ የዚህ ዜማ ምርጥ ቦታ ይህ ነው። «ከኮርዱ አትውጣ» የሚለው ሰው የሚያጠፋውም ይህንኑ ቦታ ነው።

አራተኛው ባር ትንሽ ያስቸግራል። ዶ ከፋ ባር ተሸጋግራ መጥታ ሶል ኮርድ ላይ ትቆያለች። ፋ ላይ ቤተኛ ነበረች፣ ሶል ላይ እንግዳ ሆነች። በትምህርት ቤት እንዲህ ያለችው ዶ ወደ ሲ ትወርዳለች ብለው ያስተምራሉ። ትዝታ ግን ሲ የለውም። ሲ ብለህ ብትዘፍን ስህተት አይሆንም፤ ግን የትዝታው ጠረን እዚያው ላይ ይጠፋል፣ የመዘምራን ድምፅ ይመጣል። ስለዚህ ዶ በላ በኩል አድርጋ ሶል ላይ ትወርዳለች። ላም ከኮርዱ ውጪ ናት፤ ነገር ግን በአምስት ድምፅ ቅኝት ከዶ ወደ ታች ቀጣዩ ድምፅ ላ ስለሆነች ጆሮ እንደ አንድ እርምጃ ነው የሚቆጥራት።

ብዙዎች የሚጋጭባቸው ይህ ቦታ ነው። አንተም እዚሁ ሳትወድቅ አልቀረህም። ኪቦርድህ ሶል፣ ሲ፣ ሬ ይመታል፣ አንተ ደግሞ ዶ ላይ ትቆያለህ። ዶ እና ሲ ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚለያያቸው፤ ስለዚህ ይናከሳሉ። አብዛኛው ሰው ዜማውን ይቀይራል። እኔ ሲን ከኪቦርዱ አውጣ ነው የምለው። ሶል እና ሬ ብቻ ምታ። ሲ የግድ ካስፈለገችህ ዶ ከወረደች በኋላ አራተኛው ምት ላይ ጨምራት። ፋ ላይም ተመሳሳይ ጥንቃቄ አለ። ፋን በግራ እጅህ ታች ባስ ላይ ተዋት። ቀኝ እጅህ ፋን ከዘፋኙ ሚ አጠገብ ወይም ከላይዋ ከደገማት ያ ጥሩ ቴንሽን ወዲያው የተበላሸ ይመስላል።

ለምን ኮርዱ ይሸነፋል? ይህ ቅኝት ኮርድ ተሸክሞ አልተወለደም። መሰንቆውም ክራሩም ያንኑ ዜማ ከዘፋኙ ጋር ሲያስኬዱ ነው የኖሩት። በ1924 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የገቡት አርመናውያን ወላጅ አልባ ሙዚቀኞች፣ አርባዎቹ ልጆችና ከእነሱ በኋላ የመጡት ባንዶች ናቸው ዜማን በሌሎች ድምፆች የማጀብን ሥራ ያስለመዱን። የቆየው ዜማው ነው። ኮርዱ አጃቢው ነው፤ አጃቢ ደግሞ መንገድ ይለቃል።

ይህን ስል ከኮርድ የወጣ ኖታ ሁሉ ቴንሽን ነው ማለቴ አይደለም። የሳተም አለ። ለመለየት ሜትሮኖሙን 60 ላይ አድርግና የጠረጠርከው ኖታ ላይ ቁም፤ ባሩ እስኪያልቅ ያዘው። ቴንሽን ከሆነ ድምፅህ ራሱ ወደ ቅርቡ ኖታ ይጎትትሃል። የሳተ ከሆነ የሚሄድበት አያገኝም፤ ወይም ዘለህ ልትሸሽ ትፈልጋለህ። ቀጥለህ ያንኑ ኖታ ከመጀመሪያው ምት ወደ ሦስተኛው አዛውረው። ያን ጊዜ ግጭቱ ከቀለለ ኖታው አልበደለም፣ የተቀመጠበት ምት ነው የከበደው። ላ ማይነር ላይ ያለችውን ሬ በተቃራኒው ሞክራት። አንደኛው ምት ላይ አስቀምጣትና ሁለት ምት አቆያት። ያቺ ማንም ልብ ያላላት መሸጋገሪያ ወዲያው ውጥረት ትሆናለች። ከዚያ ወደ ዶ ካወረድካት ያምራል፤ ወደ ሶል ካዘለልካት ግን የሳትክ ትመስላለህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ለትዝታ ሜጀር ነው። ያንኑ ሉፕ አንቺሆዬ ላይ እንዳትጭነው። አንቺሆዬን ከዶ ስትጀምር ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል ቤሞል፣ ላ ነው። የዶ ሜጀር ኮርድ ሚ እና ሶል ሁለቱም ከቅኝቱ ውጪ ናቸው፤ ገና በመጀመሪያው ባር ትጣላለህ። ፋ፣ ላ፣ ዶ በቅኝቱ ውስጥ ስላሉ የፋ ኮርድ ይገጥማል፤ ግን ደጋግመህ ከመታኸው ማረፊያው ከዶ ወደ ፋ ይዞርብሃል። እዚያ ሉፑን ዝጋና ባሱ ዶን ብቻ ይዞ ይቆይ።