ሁሉም ምርጫ ልክ የሆነበት ጥያቄ

«ጋሼ፣ ለሥራ ቅጥር የጽሑፍ ፈተና ተፈትነን ነበር። አንዱ ጥያቄ 2፣ 3፣ 5 ይልና ቀጣዩን ቁጥር ምረጡ ይላል። ምርጫዎቹ ሀ) 7 ለ) 8 ሐ) 9 መ) 10 ናቸው። እኔ 7ን አከበብኩ፣ ጓደኛዬ 9ን። መልሱ 8 ነው ተባልን። አቦ፣ የቱ ነው ልክ?» (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

አራቱም ልክ ናቸው። ለማባበል አይደለም፤ ወረቀት አውጡና አብረን እንየው።

7 ያለ ሰው ፕራይም ቁጥሮችን አይቷል። ከ1 እና ከራሳቸው በስተቀር ምንም የማያካፍላቸው ቁጥሮች ማለት ነው። 2፣ 3፣ 5፣ ቀጥሎ 7። 8 ያለ ሰው ሁለቱን ደምሮ ሦስተኛውን አግኝቷል። 2 እና 3 ሲደመሩ 5፣ 3 እና 5 ሲደመሩ 8። 9 ያለው ደግሞ እያንዳንዱን በ2 አባዝቶ 1 ቀንሷል። 2 ሁለት ጊዜ 4፣ ሲቀነስ 1፣ 3 ሆነ። 3 ሁለት ጊዜ 6፣ ሲቀነስ 1፣ 5 ሆነ። 5 ሁለት ጊዜ 10፣ ሲቀነስ 1፣ 9። 10 ያለውስ? ከኋላ ያለውን ሁሉ ደመረ። 2 እና 3 ሲደመሩ 5፣ 2 እና 3 እና 5 ሲደመሩ 10። አራቱም ደንቦች የተሰጡትን ሦስት ቁጥሮች አንድ ሳይስቱ ያስረዳሉ።

እንዲያውም ምርጫ ውስጥ የሌለ ቁጥርም ይሠራል። 50 ነው የሚል ሰው ቢመጣ ማንም «ተሳስተሃል» ሊለው አይችልም። ደንቡ ይኸው፤ n የቁጥሩ ተራ ነው፦

```
2 + (n−1) + (n−1)(n−2)/2 + 7(n−1)(n−2)(n−3)
```

በn ቦታ 1፣ 2፣ 3 አስገቡ። 2፣ 3፣ 5 ይወጣል። 4 አስገቡ፣ 50 ይወጣል። ምስጢሩ የመጨረሻው ክፍል ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቦታዎች ከሦስቱ ቅንፎች አንዱ ዜሮ ስለሚሆን ያ ክፍል ድምፁ አይሰማም። አራተኛው ቦታ ላይ ግን 7 በ6 ተባዝቶ 42 ይሆንና 8 ላይ ይደመራል። 7ን በሌላ ቁጥር ቀይሩት፣ አራተኛውን የፈለጋችሁትን ማድረግ ትችላላችሁ። የተሰጡት ቁጥሮች ሦስትም ይሁኑ አሥር ይህ ዘዴ ሁልጊዜ ይሠራል። ስለዚህ በሒሳብ ብቻ ከሄድን «ቀጣዩ ቁጥር» የሚባል አንድ ነገር የለም።

ፈተና አውጪዎች ይህን ስትነግሯቸው የሚመልሱት አንድ ነው። «እኛ የምንፈልገው ቀላሉን ደንብ ነው» ይላሉ። ጥሩ መልስ ነው፣ 50ንም ያስወጣልናል። ግን ቀላሉ ለማን? ሒሳብ ያጠና ልጅ 2፣ 3፣ 5 ሲያይ ፕራይም ይታየዋል፣ ሌላ ማሰብም አያስፈልገውም። አካውንቲንግ የጨረሰችው ልዩነቱን ትቆጥራለች፤ 1 ጨመረ፣ 2 ጨመረ፣ አሁን 3 ይጨምራል፣ 8። ሁለቱም ቀላሉን ነው የያዙት። ያ ጥያቄ የለካው የተፈታኙን አእምሮ ሳይሆን፣ ተፈታኙ ከአውጪው ጋር አንድ ዓይነት ትምህርት መማር አለመማሩን ነው።

«ቀላል» የሚለውን በስሜት ከመተው ይልቅ መቁጠር ይቻላል። እኔ የማስተምራቸውን ልጆች አንድ ነገር እንዲጠይቁ አደርጋለሁ፤ ደንቡን ለማቆም ከተሰጡት ቁጥሮች ስንቱን ተጠቀምኩ፣ ስንቱስ ተረፈኝ? የተረፉት ምስክሮች ናቸው። ደንቡ ሳይሠራባቸው በፊት እዚያው ነበሩ፣ ከተሠራ በኋላ ደግሞ መሰከሩለት። ደንቡን ለመሥራት የተጠቀምንበት ቁጥር ግን ምስክር ሊሆን አይችልም፤ እንዲስማማ አድርገን ነው የሠራነው።

ከሳቢያን የጻፈችልንን ልጅ ጥያቄ በዚህ እንመዝነው። «በ2 አባዛ፣ 1 ቀንስ» ለማለት ሦስት ነገር ያስፈልጋል፦ መነሻው 2፣ ማባዣው 2፣ መቀነሻው 1። ሦስቱን ለማግኘት ሦስቱም ቁጥሮች ያልቃሉ። ምስክር የለም። «1 ጨመረ፣ 2 ጨመረ፣ 3 ይጨምራል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ መነሻ፣ የመጀመሪያ ጭማሪ፣ የጭማሪው ጭማሪ። ምስክር የለም። «ሁለቱን ደምር» ግን ሁለት መነሻ ብቻ ነው የሚወስደው፣ 5 ይመሰክርለታል። «ሁሉንም ደምር» የሚለውም አንድ ምስክር አለው። ፕራይም ከሆነ ከተሰጡት ቁጥሮች አንድም መበደር አያስፈልግም፤ ዝርዝሩ ከ2 ይጀምራል፣ ሦስቱም ይመሰክሩለታል።

እና የሳቢያኗ ልጅ፣ በዚህ መለኪያ ከአራቱ ጠንካራው ያንቺ 7 ነው። 8ም ይቆማል፤ 9 ደካማ ነው። 7ን ስህተት፣ 8ን ብቻ ልክ የሚያደርግ ምክንያት ግን የለም።

አውጪው አንድ ቁጥር ቢጨምር ኖሮስ? 2፣ 3፣ 5፣ 8 ብሎ ቢጽፍ ፕራይም ይወድቃል፣ «አባዝተህ ቀንስ» ይወድቃል፣ «ሁሉንም ደምር» ይወድቃል። ጥሩ ይመስላል። ግን አሁንም ሁለት ቀርተዋል። ሁለቱን የሚደምረው 13 ይላል፣ ጭማሪ የሚቆጥረው 12 ይላል። ሁለቱም ምርጫ ውስጥ ከገቡ ጭቅጭቁ እንደገና ይነሳል። 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13 ብሎ ቢጽፍ ግን 12 የጠበቀው ደንብ ሞተ፤ ለ21 ሦስት ምስክር ቆመለት። ሁለት ቁጥር ቢታከል ኖሮ የልጆቹ ነጥብ ይተርፍ ነበር። ወረቀት ላይ ደግሞ አንድ መስመር እንኳ አይሞሉም።

ምስክር መቁጠርም ገደብ አለው። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ብላችሁ ቀጣዩን ብትጠየቁ ሁላችሁም 32 ትላላችሁ። እጥፍ የሚለው ደንብ መነሻና ማባዣ ብቻ ስለሚወስድ ሦስት ምስክር አለው። አሁን ክብ ሣሉ። ዙሪያው ላይ ነጥብ አድርጉና እያንዳንዱን ነጥብ ከእያንዳንዱ ጋር በቀጥታ መስመር አገናኙ፤ ክቡ ውስጥ ሦስት መስመር አንድ ቦታ ላይ እንዳይገናኝ ተጠንቀቁ። ክቡ ስንት ቦታ ተከፈለ? በአንድ ነጥብ 1፣ በሁለት 2፣ በሦስት 4፣ በአራት 8፣ በአምስት 16። በስድስት ነጥብ 31 ነው። 32 አይመጣም፣ የፈለጋችሁትን ያህል ደጋግማችሁ ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ 57 ይመጣል። ይህን የምጽፈው ሰው እንዲጠራጠር ብዬ ነው፤ ምስክር የበዛለት ደንብ ይበልጥ የሚታመን ነው፣ የተረጋገጠ ግን አይደለም። ማረጋገጫው ቁጥሮቹ ከየት እንደመጡ ማወቅ ነው። የፈተና ጥያቄ ደግሞ ይህን አይነግርም።

ኒል ስሎን የሚባል የሒሳብ ሰው እ.ኤ.አ. በ1964 ገና ተማሪ ሳለ ተከታታይ ቁጥሮችን መሰብሰብ ጀመረ። ስብስቡ ዛሬ oeis.org ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ተከታታዮችን ይዟል፣ እያንዳንዱም ከነትርጉሙ ነው የተመዘገበው። ስልካችሁ ላይ ገብታችሁ 2, 3, 5 ብላችሁ ፈልጉ፤ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች በዚሁ ቅደም ተከተል የያዙ ተከታታዮች በሺዎች ይመጣሉ። ፈተና አውጪ ጥያቄውን ከማሳተሙ በፊት ይህን ማየት ነበረበት። ነጻ ነው፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

«የማይመሳሰለውን ምረጥ» የሚባለውም በሽታው ያው ነው። 2፣ 3፣ 9፣ 11 ከተባለ 2 ብቻ ነው በሙሉ ለሁለት የሚካፈለው። 9 ብቻ ነው ፕራይም ያልሆነው። 11 ብቻ ነው ባለ ሁለት አሃዝ። ማንን እናስወጣ?

እዚህ ድሬ፣ ከዚራም ሆነ ሳቢያን፣ የአፕቲትዩድ ጥያቄዎች ፎቶ ኮፒ እየተደረጉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ከወረቀቱ ጀርባ የመልስ ቁልፍ አለ፣ ማብራሪያ ግን የለውም። ልጆቹ «2፣ 3፣ 5 ካለ 8 ነው» ብለው ይሸመድዱታል። 12ኛ ክፍል መልቀቂያ ላይም አፕቲትዩድ ስላለ ሽምደዳው ከዚያው ይጀምራል። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ከአንድ በላይ ደንብ ማየት የቻለ ልጅ ፈተና ላይ ጊዜው ያልቅበታል፣ አንድ ብቻ ያየው ቀድሞ ይወጣል።

ፈተና የሚያወጣ መሥሪያ ቤት ሁለት ነገር ቢያደርግ ይበቃል። መጀመሪያ፣ ጥያቄውን ምርጫዎቹን አጥፍቶ ጥያቄው ሲወጣ ላልነበሩ ጥቂት ባልደረቦች ይስጥ። የተለያየ መልስ ይዘው ከመጡና ሁለቱም ማስረዳት ከቻሉ፣ ወይ ቁጥር ይጨመርበት ወይ ይጣል። ሁለተኛው ከፈተናው በኋላ ነው። በጠቅላላ ውጤት ከላይ ያሉት ተፈታኞች አንዱን ጥያቄ ምን ብለው መለሱት? በሁለት መልስ እኩል ከተከፈሉ ችግሩ ጥያቄው ላይ ነው። ያኔ ለሁለቱም መልስ ነጥብ መስጠት ይሻላል። ጥያቄውን መሰረዝ ቀላል ይመስላል፣ ነገር ግን 7ን በምክንያት ያከበበች ልጅ ልክ የመለሰችውንም ታጣለች፣ እዚያ ላይ ያጠፋችው ደቂቃም አይመለስላትም።

ለተፈታኙ ደግሞ ይህ ይጠቅማል። ደንብ ስታገኝ ምስክር ቁጠርለት። ምስክር ከሌለው ሌላ ፈልግ። ሁለት ደንብ ቆመው መልሶቻቸው ሁለቱም ምርጫ ውስጥ ካሉ፣ ምስክር የበዛለትን አክብብና ወደሚቀጥለው እለፍ። የጥያቄውን ቁጥር ግን በአእምሮህ ያዝ።

ውጤት ሲወጣ አቤቱታ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠይቂ፣ እህቴ። ከተቻለ «ጥያቄው ከባድ ነው» ብለሽ አትጻፊ፣ ማንም አያነበውም። ሦስት መስመር ይበቃል። የጥያቄው ቁጥር፤ ደንብሽ፣ ማለትም «ፕራይም ቁጥሮች በቅደም ተከተል፣ 2፣ 3፣ 5፣ 7»፤ ከዚያ «ይህ ደንብ የተሰጡትን ቁጥሮች በሙሉ ያስረዳል፣ መልሱም ምርጫ ሀ ላይ አለ፤ ምርጫ ለ ብቻ ትክክል የሆነበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽልኝ» በይ። ጓደኛሽም የራሱን በ9 ይጻፍ። ሁለቱን ወረቀቶች አንድ ላይ አስገቡ፣ ጎን ለጎን ሲታዩ ጥያቄው ምን እንደጎደለው ለሚያነበው ሰው ግልጽ ይሆናል።