ሐረጎ ላይ ትዝ ያለ መልስ

«ጋሼ፣ መናገር የነበረብኝ ነገር ትዝ ያለኝ ታክሲው የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ነው። አሁን ብጽፍላቸው ልመና አይሆንብኝም?»

አይሆንም፤ ዛሬውኑ ከተጻፈና ካጠረ ልመና አይሆንም። የጠየቀችኝ የጎረቤቴ ልጅ ናት። ጠዋት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወርዳ ለአንድ ፋብሪካ የስቶር ኪፐር ቦታ ቃለ መጠይቅ ተደርጎላት ከሰዓት ተመልሳለች። እናቷ «አብሽሪ፣ ያለሽ አይቀርም» እያሉ ቡና ያቀርባሉ። አጎቷ ደግሞ የፋብሪካውን ጥበቃ የሚያውቅ ሰው አለ፣ ነገ አብረን ሄደን እንታይ ይላል።

እኔ የምቃወመው ይህን የአጎትየውን ሐሳብ ነው። ከቃለ መጠይቅ በኋላ እኛ የምናውቀው ሁለት መንገድ ብቻ ነው፤ ወይ ቁጭ ብሎ ስልክ መጠበቅ፣ ወይ ደጅ መጥናት። ደጅ ጥናት ጠያቂውን ያሳቅቃል እንጂ ስለ ሥራ ችሎታሽ አዲስ ነገር አይነግረውም። ዝምታም ቢሆን ጨዋነት ይመስለናል እንጂ፣ የተረሳው መልስ እንደተረሳ ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለው አጭር ጽሑፍ ነው፤ እሱን የሚጽፍ ግን ብዙም አላይም። በቅጥር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ከቃለ መጠይቅ በኋላ ደጅ ላይ ቆመው ያገኘኋቸው፣ ጽፈው ከላኩልኝ በብዙ ይበልጣሉ።

ልጅቷ የተጠየቀችው ይህ ነው። ቆጠራ ሲደረግ ዕቃውና የዕቃው ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት ቢን ካርድ ባይገናኙ ምን ታደርጊያለሽ? «ለኃላፊዬ አሳውቃለሁ» ብላ ዝም አለች። መልሱ ስህተት የለበትም። ግን ማንም የሚመልሰው መልስ ነው። ጠያቂው መስማት የፈለገው ከማሳወቅ በፊት ያለውን ነው፤ ደግሞ መቁጠርን፣ ደረሰኝ ከካርድ ማመሳከርን፣ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መፈለግን። እሷ ደግሞ ይህን በእጇ ሠርታዋለች። ደሴ ውስጥ በአንድ የጅምላ መደብር ስትሠራ 14 ካርቶን ሳሙና ጎድሎ ነበርና ያጣራችው እሷ ናት። ይህ ነው ሐረጎ ላይ ትዝ ያላት።

«በይ እሱን ብቻ ጻፊ» አልኳት። እሷ ግን ስልኳ ላይ የጀመረችውን አሳየችኝ። ስለ ድንጋጤዋ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ኮምፒውተር እንደምትችል ትጨምራለች፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ መጠየቅ እንደረሳች ታነሳለች፣ እንግሊዝኛዋ ከታየው እንደሚሻል ታስረዳለች። አራት ነገር ማለት ነው። አራቱን ያነበበ ሰው የሚይዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይህች ልጅ ቃለ መጠይቁ እንደከፋባት ታምናለች። ድንጋጤዋን ልብ ያላሉትም አሁን ልብ ይላሉ። የደመወዙ ጉዳይ ደግሞ ሥራው ሲሰጥ የሚነሳ ነው።

ቁጭ ብለን የጻፍነው እንዲህ ነበር፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ለስቶር ኪፐር የሥራ መደብ ቃለ መጠይቅ ያደረጋችሁልኝ ነኝ (እዚህ ላይ ሙሉ ስሟ ገባ)። ስለሰጣችሁኝ ጊዜ አመሰግናለሁ። መጋዘኑ በየወሩ እንደሚቆጠር ከነገራችሁኝ በኋላ ሥራውን ይበልጥ ፈልጌዋለሁ። ስለ ቆጠራ ልዩነት ስጠየቅ ሳልገልጸው ያለፍኩት አንድ ነገር አለ። በሠራሁበት የጅምላ መደብር ከቢን ካርዱ 14 ካርቶን ሳሙና ጎድሎ ተገኝቶ ነበር። ዕቃውን ደግሜ ከቆጠርኩ በኋላ የ3 ወር የወጪ ደረሰኞችን ከካርዱ ጋር ሳመሳክር፣ 12 ካርቶን በሁለት ደረሰኝ ወጥቶ ካርዱ ላይ ሳይመዘገብ መቅረቱን አገኘሁ። የቀሩትን 2 ካርቶን ምክንያት ስላላገኘሁ በጽሑፍ አሳወቅሁ። የመደብሩ ኃላፊ ስልክ ማመልከቻዬ ላይ ስላለ ማጣራት ይቻላል። አመሰግናለሁ።»

«ሁለቱን ካርቶን እናውጣው፣ ያሳፍራል» አለችኝ። እኔ ጽሑፉ ውስጥ እንዲቆይ ያደረግሁት ሆነ ብዬ ነው። መጋዘን የሠራ ሰው ጉድለት ሁሉ እንደማይገኝ ያውቃል፤ 14ቱንም አገኘሁ የሚል ጽሑፍ ነው የሚያጠራጥረው። ስልኩም ቢሆን ለጌጥ አይደለም። ከቃለ መጠይቅ በኋላ የተጨመረ ነገር «ሄዳ ሰው ጠይቃ መጣች» ሊባል ይችላልና፣ ደውለው የሚያጣሩት ካልሆነ ባይጻፍ ይሻላል። ኃላፊውንም አስቀድሞ ደውሎ «ሊጠይቁህ ይችላሉ» ማለት ደግ ነው።

የፍላጎቷ ዓረፍተ ነገርም ያለ ምክንያት አልገባም። «ሥራውን በጣም እፈልገዋለሁ» ብቻ ቢሆን ሁሉም ይፈልገዋል። የወሩን ቆጠራ ያነሳችው ግን እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ የሰማችው ስለሆነ ነው፤ ሌላ ፋብሪካ ሊላክ የሚችል ጽሑፍ አይደለም።

ጊዜውን በተመለከተ፣ የቻለ በዚያው ቀን ከሥራ መውጫ በፊት፣ ካልሆነ በማግስቱ ጠዋት ይላክ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እኔ በነበርኩባቸው ኮሚቴዎች የመጨረሻው ተወዳዳሪ እንደወጣ ነጥብ ይደመራል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ከዚያ በኋላ የሚደርስ ጽሑፍ ድምሩን አይለውጥም። የሚጠቅመው ሁለት ሰው ሲቀራረብ፣ ወይም አንደኛው ሳይመጣ ቀርቶ ተጠባባቂ ሲፈለግ ነው። ከዚህ በላይ ተስፋ ማድረግ ልጅቷን ማታለል ይሆናል።

የሚላከው ደግሞ እነሱ በጠሯት መንገድ ነው። በኢሜይል ከጠሯት በኢሜይል፣ ከቢሮ ስልክ ቴሌግራም ከላኩላት በዚያው። የኃላፊውን የግል ቁጥር ከሰው ፈልጎ ማታ መጻፍ ደጅ ጥናት ነው፤ በስልክ ሆነ እንጂ።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ይህን ሁሉ አልመክርም። እዚያ ጥያቄው ለሁሉም አንድ ነው፣ ነጥቡም በቅጽ ላይ ይሞላል። ለአንድ የኮሚቴ አባል በግል የተላከ ጽሑፍ፣ ይዘቱ ምንም ንጹሕ ቢሆን፣ ሌላው ተወዳዳሪ ቢሰማው አማላጅ የተላከ ነው የሚመስለው። የጎደለ ማስረጃ ካለ በመዝገብ ቤት በኩል ገብቶ ቁጥር ይሰጠው፤ ቃል የጎደለ ከሆነ ግን ለሚቀጥለው ውድድር ይቀመጥ። አጎትየው በዚህ ላይ ከእኔ ጋር አልተስማማም፤ «ሁሉም ያደርገዋል» ነው ክርክሩ።

ልጅቷ በቴሌግራም ስለተጠራች በዚያው 11 ሰዓት ሳይሞላ ላከችው። «ደርሶናል» የሚል አንድ ቃል መጣ። እናትየው በዚያ ቃል ላይ ሦስተኛውን ቡና ጠጡ። ውጤት በሳምንት ይነገራል ተብላ ስለነበር፣ ቀኑ እስኪያልፍ ሌላ እንዳትጽፍ፣ ካለፈም አንድ ጊዜ ደውላ ብቻ እንድትጠይቅ ተስማማን። መደወል አላስፈለጋትም። በአምስተኛው ቀን እነሱ ደወሉ፤ ቀጥረናል ለማለት ግን አልነበረም። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ራሱ ነበር በስልኩ ላይ፣ የመጀመሪያ ጥያቄውም «እነዚያ ሁለት ካርቶኖች በመጨረሻ ምን ተባሉ?» የሚል ነበር።