ለከተማችን ምክር ቤት፦ ጭሱ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን

ጉዳዩ፦ ሳይቋረጥ ስለሚደርሰን ጭስ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፤

ውሃ በፈረቃ ነው። መብራትም እንደ ስሜቱ ነው። ከሰፈራችን ጀርባ ያለው የጡብ ምድጃ ጭስ ግን አንድ ማታ እንኳ ቀርቶብን አያውቅም። ያለ ቆጣሪ፣ ያለ ወረፋ መኝታ ቤት ድረስ የሚገባ ብቸኛ አገልግሎት ስለሆነ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ።

በቀደም ባለቤቴ በርበሬ አስጥታ ነበር። ወጡን ስቀምስ የየትኛው መኪና ጎማ እንደሆነ ጠየቅኳት። አልሳቀችም።

በሐሰት እንዳልከስ ነገሩን በደንብ አጥንቻለሁ። ምድጃው እንደተለኮሰ የሚወጣው ነጩ አብዛኛው እንፋሎት ነው፤ ጡቡ ውስጥ የቀረው እርጥበት ነው የሚተነው። በእሱ ቅሬታ የለኝም። ጠቤ ከጥቁሩ ጋር ነው። ማታ 2 ሰዓት ገደማ እሳት ጠባቂው ሰጋቱራውን፣ እርጥቡን እንጨትና የጎማ ቁራጩን ባንዴ ይሞላና ሄዶ ይተኛል። እሳቱ አየር ያጥረዋል። ማገዶው በደንብ ሳይነድ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል። ባለምድጃው በገንዘቡ የገዛው ማገዶ ግማሹ እኛ ሳንባ ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው፤ መጥቶ መውሰድ ይችላል። ደረቅ ማገዶ በትንሽ በትንሹ ቢጨመር ጭሱም ይሳሳል፣ ወጪውም ይቀንሳል። ለዚያ ግን ሌሊቱን ነቅቶ የሚያድር ሰው ያስፈልጋል። (እኛ በሳል ምክንያት ነቅተን ነው የምናድረው። ብትቀጥሩን?)

የላካችሁት ባለሙያም መጥቶ ነበር። የመጣው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት መሬቱ ሞቋል፣ አየሩ ወደ ላይ ይነሳል፣ ጭሱም አብሮት ሽቅብ ይሄዳል። "ችግር አልታየም" ብሎ ጻፈ። እውነቱን ነው። ሌሊት መሬቱ ሲበርድ ግን ቀዝቃዛው አየር ታች ይተኛል፣ ሞቃቱ ከላይ እንደ አክንባሎ ይከደንበታል፣ ጭሱም መውጫ ሲያጣ እኛው ጋ ያድራል። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይምጣልን። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከመጣ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም።

እስከዚያው እኔም ሥራ አልፈታሁም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንም ሰው፣ በግሉ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለክልሉ የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል ይላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ ደግሞ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አቤቱታዬን ትናንት አስገብቻለሁ። ቀኑንም ግድግዳው ላይ ያለው ካላንደር ላይ አክብቤበታለሁ። ጥላሸቱ ቁጥሩን እስካሁን አልሸፈነውም።

ከሰላምታ ጋር፣
ከምድጃው በስተነፋስ የሚኖር ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለምድጃው (እሱ እንኳ በየማታው መልስ ይሰጠኛል)