ለመስኮት ቆጣሪዎቻችን የቀረበ ምስጋና

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ የመንግሥት ገቢ ማነስ ሲነሳ፣ ክራባታቸውን በወጉ ያሰሩ አንድ ተወያይ ጉሮሯቸውን ጠረግ አድርገው «ይህ እኮ የቅንጦት ዕቃ ነው፤ ጠበቅ ያለ ታክስ ይጣልበት» አሉና አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዕቃው ምን እንደነበረ መናገር አያስፈልግም፤ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። የማይለወጠው አንድ ነገር ዕቃውን ተናጋሪውም ሆነ አጨብጫቢው የማይገዛው መሆኑ ነው። እኔም ዛሬ ብዕሬን ያነሳሁት ይህን ድንቅ ልማድ ለማመስገን ነው፤ በአገር ላይ ያለውን ነገር ሁሉ ትቶ አንዲት ዕቃ መርጦ፣ በእርሷ ላይ እስክትጎብጥ ድረስ መጫንን የመሰለ ጀግንነት ከወዴት ይገኛል?

የዚህ ጥበብ ባለቤቶች እኛ ብቻ እንዳልሆንን ግን ታሪክ ይመሰክራል። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1696 የሰውን ገቢ መመርመር አስቸጋሪ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ከደጅ ቆሞ ሊቆጠር የሚችል ነገር ፈልገው መስኮት ላይ ታክስ ጣሉ። ሐሳቡ እጅግ ያማረ ነበር። ሀብታም ሰፊ ቤት አለው፣ ሰፊ ቤት ብዙ መስኮት አለው፣ ስለዚህ ቆጣሪው በር ሳያንኳኳ ጣቱን ወደ ግድግዳው እየቀሰረ የሀብታሙን አቅም ይለካል። በ1747 ደግሞ ሕጉ ተሻሽሎ፣ ከ10 እስከ 14 መስኮት ያለው ቤት ለእያንዳንዱ መስኮት 6 ፔንስ፣ ከ15 እስከ 19 ያለው 9 ፔንስ፣ 20 እና ከዚያ በላይ ያለው 12 ፔንስ፣ ማለትም 1 ሽልንግ እንዲከፍል ሆነ። እስከ 9 መስኮት ያለው ቤት በመስኮቶቹ ብዛት አይጠየቅም።

እስቲ አሥረኛዋን መስኮት በፍቅር እንያት። 9 መስኮት ያለው ሰው አንዲት ቢጨምር ለአንዷ ብቻ 6 ፔንስ አይከፍልም፤ ለአሥሩም ይከፍላል፣ 60 ፔንስ ማለት ነው። ስለዚህ አሥረኛዋ መስኮት ብቻዋን 60 ፔንስ ታወጣለች። አሥራ አምስተኛዋም አታንስም፤ 14 መስኮት ያለው 84 ፔንስ ሲከፍል 15 ያለው 135 ስለሚከፍል፣ እርሷ 51 ፔንስ ናት። ሃያኛዋ እመቤት ደግሞ ሒሳቡን ከ171 ወደ 240 ታሳድገውና 69 ፔንስ ትሆናለች። እንግዲህ አባወራው ቤተሰቡን ሰብስቦ ሲመክር ይታያችሁ። የትኛዋ ትደፈን? የወጥ ቤቷ እንዳትባል ምግብ አብሳይዋ በጭስ ልታልቅ ነው፤ የደረጃዋ እንዳትባል አያት ይወድቃሉ፤ የልጆቹ መኝታ ቤት እንዳትባል እናት ታለቅሳለች። በመጨረሻ ከሁሉ ይልቅ ዝም የሚለው ሰው፣ ማለትም የሠራተኛይቱ፣ መስኮት ይመረጥና ግንበኛ ይጠራል። ግንበኛው ይከፈለዋል፣ ጡቡ ይከፈልበታል፣ ክፍሉ ይጨልማል፣ ቆጣሪውም በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ 9 ብሎ ጽፎ ይሄዳል። በኋላ ዘመን የቆጠራ መዝገቦቹን የመረመሩ ሁለት የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎች 9፣ 14 እና 19 መስኮት ያላቸው ቤቶች ቁጥር ከሌላው ተለይቶ የበዛ ሆኖ አግኝተውታል። የእንግሊዝ ቤቶች ሕጉን እያነበቡ የተሠሩ ያህል ነበር።

አሁን ሒሳቡን እናስላ፤ ሊቃውንታችን የማይወዱት ክፍል እዚህ ነው። አሥረኛዋ መስኮት ለአንዱ አባወራ በዓመት 50 ፔንስ የሚያወጣ ብርሃን ትሰጠዋለች እንበል። ታክሱ 60 ስለሆነ ይደፍናታል። እርሱ 50 ፔንስ የሚያህል ጥቅም አጣ፤ መንግሥት ስንት አገኘ? ምንም። ጎረቤቱ ግን ያችኑ መስኮት 70 ፔንስ ያህል ይወዳታል፤ ስለዚህ 60 ከፍሎ 10 ይተርፈዋል። ከጎረቤቱ የወጣው 60 አልጠፋም፤ ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ፣ ምናልባትም ወደ ድልድይ ወይም ወደ መርከብ ተዛወረ። የመጀመሪያው ሰው 50 ግን ወደ ማንም ኪስ አልገባም። ኢኮኖሚስቶች «ዴድዌይት ሎስ» የሚሉት ይኸው ነው፤ ታክሱ ስላለ ብቻ ያልተደረገ ግዢ፣ ያልተሠራ ሥራ፣ ያልተከፈተ መስኮት። ክፉ ነገሩ በገቢ ሪፖርት ላይ አለመታየቱ ነው። ሪፖርቱ ላይ የሚሰፍረው የጎረቤቱ 60 ብቻ ስለሆነ፣ ሪፖርቱን የሚያነብ ባለሥልጣን ታክሱ ምንም ጉዳት የሌለው ሆኖ ቢታየው አይፈረድበትም።

እዚህ ላይ ግን ቀልዴን ለአፍታ ልተወው። በከተሞች ብዙ ድሃ ቤተሰቦች ተደራርበው የሚከራዩበት ሕንፃ እንደ አንድ ቤት ስለሚቆጠር ታክሱ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነበር። ባለቤቱም በቀላሉ መስኮቶቹን ደፈናቸው፤ እርሱ እዚያ አይኖርም። በሀብታም ስም የተጣለ ታክስ ሕፃናት አየርና ብርሃን አጥተው በሚያድጉበት ክፍል ግድግዳ ላይ ጡብ ሆኖ ተለጠፈ፤ የጤና ሰዎች ሲጮኹ ኖረው የተሻረው በ1851 ነው፤ ከ155 ዓመት በኋላ! «ሀብታሙ ይክፈል» እያለ የሚያጨበጭብ ሰው ጭነቱ ከማን ትከሻ ላይ እንዳረፈ አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አለማየቱ ያንገበግበኛል። አላዋቂነት ይባል እንደሆነ እንጃ፤ እኔ ግን ደንታ ቢስነት እለዋለሁ።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። እኛም ከእንግሊዝ አናንስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአዳዲስ የቤት መኪኖች ላይ፣ የሞተራቸው መጠን እስከ 1,300 ሲሲ ለሆነው 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ ለሆነው 60 በመቶ፣ ከ1,800 በላይ ለሆነው 100 በመቶ ታክስ ጥሎ ነበር። ታክሱ የሚሰላበት ዋጋ 1 ሚሊዮን ብር የሆነ መኪና ብንወስድ፣ ባለ 1,300 ሲሲው 50 ሺህ ብር ሲከፍል፣ አንዲት ሲሲ የጨመረው 600 ሺህ ብር ይከፍላል። ለአንዲት ሲሲ 550 ሺህ ብር! ከትንሽ ብልቃጥ የማትሞላ ክፍተት በዚህ ዋጋ የተሸጠችበት ሌላ አገር ካለ ንገሩኝ። ከዚህ በላይ ተጨማሪ እሴት ታክሱ ኤክሳይዙንም ጨምሮ ስለሚሰላ፣ ታክሱ በታክስ ላይ ይታከሳል። ሥራው ዳገት የሚያስወጣው፣ አምስት ሰውና ዕቃ የሚጭን ሰው ተለቅ ያለ ሞተር ቢገዛ ከዋጋው ልዩነት በላይ 400 ሺህ ብር የሚያህል ይጠቅመው ነበር እንበል፤ ትንሹን ገዝቶ እንጦጦ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ይወጣል። ያ 400 ሺህ እርሱ ዘንድ የለም፤ ገቢ ሰብሳቢው ዘንድም የለም።

ኢኮኖሚስቶች ዝቅተኛ ታክስ በብዙ ነገር ላይ ይጣል የሚሉት ደግሞ ለነጋዴ አዝነው አይደለም፤ ሒሳብ ስለሚያውቁ ነው። በወር 1,000 የሚሸጥ አንድ ዕቃ እናስብ፤ ታክሱ በአንድ ብር ሲጨምር 10 ገዢ የሚሸሽ ይሁን፣ ሻጩም ታክሱን እንዳለ በዋጋው ላይ ይጨምረው። ታክሱ 10 ብር ሲሆን 100 ሰው ይተዋል። እነዚህ መጀመሪያ የሚተዉት ዕቃውን እምብዛም የማይፈልጉት ናቸው፤ ከግዢው ያገኙት የነበረው ትርፍ ከ0 እስከ 10 ብር፣ በአማካይ 5 ብር ነው። ስለዚህ መንግሥት ከቀሩት 900 ሰዎች 9,000 ብር ሲሰበስብ፣ የባከነው 500 ብር ብቻ ነው። ታክሱ 20 ሲሆን የሚተዉት 200 ናቸው፤ በአማካይ የሚያጡትም 10 ብር ስለሆነ ብክነቱ 2,000 ይደርሳል። ታክሱ እጥፍ ሆነ፤ ብክነቱ ግን አራት እጥፍ። የሚሸሸው ሰው ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱ ሸሺ ጉዳትም አብሮ ስለሚያድግ ነው። 50 ብር ላይ 500 ሰው ይሸሻል፣ መንግሥት 25,000 ብር ያገኛል፣ 12,500 ብር ይባክናል።

አሁን ይህንኑ ዕቃ የሚመስሉ ሦስት ዕቃዎች ይኑሩና በሦስቱም ላይ 10 ብር ብቻ እንጣል። ገቢው 27,000፣ ብክነቱ 1,500። በአንዱ ላይ 50 ከጣለው ጀግናችን 2,000 ብር አብልጠን ሰበሰብን፤ ያጠፋነው ግን ከእርሱ ስምንተኛ እጅ ያነሰ ነው። ይህን ሲሰሙ «ለዳቦም እኩል ይከፈል ማለትህ ነው?» የሚሉ አዛኞች ይኖራሉ። አይደለም። ዕቃው ሲጋራ ከሆነ፣ የሚሸሸው ሰው መሸሹ ራሱ የተፈለገ ነገር ስለሆነ ሒሳቡ ይለያል። ጨው ከሆነ ደግሞ ማንም ስለማይተወው ብክነቱ ትንሽ ነው፤ ሸክሙ ግን በድሃው ላይ ይከብዳል። ብክነትን መቀነስና ድሃን መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚመለሰው ከተሰበሰበው ገቢ ለድሃው በመስጠት እንጂ አንዲት ዕቃ ፈልጎ በመቅጣት አይደለም።

ከውይይቱ ግን ያስደነቀኝ መጨረሻው ነው። ያው ተወያይ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል፣ እርሳቸው የተሰማሩበት ዘርፍ «ልዩ ባሕርይ ስላለው» ከታክስ ነፃ እንዲሆን በትሕትና ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተቀባይነት አግኝቶ ከሦስቱ ዕቃዎች አንዷ ብትወጣ፣ ያንኑ 27,000 ከሁለቱ ለማግኘት ታክሱ ከ10 ወደ 16 ብር ገደማ መውጣት አለበት፤ ብክነቱም ከ1,500 ወደ 2,600 ገደማ ያድጋል። ከጎናቸው የተቀመጡት ሌላው ተወያይም ልዩ ባሕርይ ያለው ዘርፍ ስላላቸው ሁለተኛዋም ትወጣለች እንበል። በቀረችው አንዲት ዕቃ ላይ የቱንም ያህል ታክስ ቢጫን 27,000 አይገኝም፤ ከ25,000 በላይ አቅም የላትም። ያን ጊዜ «ከ50 ወደ 60 ከፍ ይበል» የሚል እንደማይጠፋ አልጠራጠርም፤ በ60 ብር የሚሸጠው 400 ዕቃ ብቻ ስለሆነ 24,000 ብር ይሰበስባል፣ 18,000 ብር ያባክናል፣ የጎደለውንም ሦስት ሺህ ለማሟላት ሌላ የቅንጦት ዕቃ ፍለጋ ይወጣል።